ደረቴ ሚዲየም፣ ወገቤ ኤክስ ላርጅ፤ በሰንጠረዡ የትኛውን ልከተል?

ሶስና

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ቀሚስ ለማዘዝ ፈልጌ የመጠን ሰንጠረዡ ጋር ስደርስ ግራ ገባኝ። የደረቴ ዙሪያ 93 ሳንቲ ሜትር፣ ወገቤ 84፣ ዳሌዬ 101 ነው። ሰንጠረዡ ደግሞ እንዲህ ይላል፦

ሚዲየም፦ ደረት ከ90 እስከ 94፣ ወገብ ከ72 እስከ 76
ላርጅ፦ ደረት ከ95 እስከ 100፣ ወገብ ከ77 እስከ 82
ኤክስ ላርጅ፦ ደረት ከ101 እስከ 106፣ ወገብ ከ83 እስከ 88

በደረቴ ከሄድኩ ሚዲየም ነኝ፤ በወገቤ ከሄድኩ ኤክስ ላርጅ ነኝ። ላርጅ የሚለው ረድፍ ውስጥ ደግሞ አንዱም ቁጥሬ የለም። ቀሚሱ የማይለጠጥ ጨርቅ ነው፤ ገበር አለው፣ እጅጌው አጭር ነው፣ ከኋላ በዚፕ ይዘጋል። ወገቡ ላይ ዙሪያውን ስፌት አለው፤ ከዚያ በታች ሰፋ ብሎ ይወርዳል። ወገቤን የለካሁት ወደ ጎን ዘንበል ስል ሰውነቴ የሚታጠፍበትን ቦታ ፈልጌ፣ እዚያው ላይ ክር አስሬ ነው። ሜትሩንም አላጠበቅሁትም። ስለዚህ የልኬቱን ነገር ተዉትና ይህን ንገሩኝ፦ ከሁለቱ ቁጥሮች የትኛውን ልመን?

የማታ ኮከብ

ምንም ማሰብ አያስፈልገውም፤ ሁልጊዜ ትልቁን ያዢ። ኤክስ ላርጁን አዝዘሽ ደረቱን ልብስ ሰፊ ያጥብብልሽ። የሰፋ ልብስ ይጠባል፤ የጠበበ ልብስ ግን ጨርቅ ከየት አምጥቶ ይሰፋል? እኔ ከዚህ ሕግ ወጥቼ አላውቅም።

ዮናስ ደ.

እኔ ደግሞ መካከለኛውን እላለሁ። በሚዲየምና በኤክስ ላርጅ መካከል ያለው ላርጅ ነው። ደረትሽ ላይ ትንሽ ይሰፋል፣ ወገብሽ ላይ ትንሽ ይጠባል፤ ሁለቱም ይቻላሉ።

ትዕግስት

ሁላችሁም ዳሌዋን ረሳችሁት እኮ። 101 ነው ያለችው! ከወገብ በታች የሚለበስ ነገር ሲሆን የሚወስነው ዳሌ ነው። ዳሌ ላይ ካላለፈ ወገቡ ቢበቃም ባይበቃም ምን ዋጋ አለው? ሶስና፣ የሰንጠረዡን የዳሌ ረድፍ አልጻፍሽውም፤ መጀመሪያ እሱን ንገሪን።

መርፌና ክር

እህቴ ሶስና፣ ልብስ መስፋት እንጀራዬ ነው፤ እንዲህ ያለ ጥያቄም ብዙ ጊዜ ይመጣልኛል። እስካሁን የተጻፉት መልሶች ሦስቱም እውነትነት አላቸው፤ ግን ለሌላ ልብስ ነው።

የትዕግስት ነገር በቶሎ ያልቃል። ቀሚሱ ከወገብ በታች ሰውነት ይዞ የሚወርድ ቢሆን ኖሮ ዳሌሽ ይወስን ነበር። ይኸኛው ግን ከወገቡ ስፌት ጀምሮ ስለሚሰፋ ዳሌሽ 101ም ሆነ 110 ያልፋል። ዳሌን ተዪው።

ወደ ሰንጠረዡ ስንመጣ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ሰንጠረዡ የሚናገረው ስለ ማን ነው የሚለው ነው፤ ስለ ሰው ወይስ ስለ ልብሱ? ይህን ለመለየት ቁጥሮቹን ማየት ይበቃል። «ከ77 እስከ 82» የሚል ክልል ከተሰጠ የሚናገረው ስለ ሰው ሰውነት ነው፤ ምክንያቱም አንድ የማይለጠጥ ቀሚስ ወገቡ ወይ 80 ነው፣ ወይ 86 ነው እንጂ «ከዚህ እስከዚህ» ሊሆን አይችልም። አንድ ቁጥር ብቻ ከተጻፈ፣ በተለይ ከጠበቅሽው በግማሽ ያነሰ ከሆነ፣ ልብሱ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ከአንዱ ጎን እስከ ሌላው ጎን የተለካ ነው። እሱን በሁለት ማባዛት ያስፈልጋል።

የአንቺ ሰንጠረዥ የሰው ሰንጠረዥ ነው። አሁን አንድ ነገር ተመልከቺ። በሦስቱም ረድፎች ከደረቱ ላይ ወገቡን ብትቀንሺ 18 ይመጣል። 90 ሲቀነስ 72፣ 95 ሲቀነስ 77፣ 101 ሲቀነስ 83፣ ሁሉም ያው ነው። ልብሱን የቆረጠው ሰው በልቡ የያዘው ደረቷ ከወገቧ በ18 ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ ሴት ነው፤ ከዚያ ያቺኑ ሴት እያተለቀና እያሳነሰ ሄደ። የአንቺ ልዩነት 9 ነው። ስለዚህ ከሦስቱ አንዱም ለአንቺ አልተቆረጠም፤ የጎደለው ነገር ከአንቺ ልኬት ሳይሆን ከእሱ ግምት ነው። «የእኔ ቁጥር የትኛው ነው» ብለሽ ብትፈልጊ አታገኚውም። «የትኛው ልብስ በትንሽ ሥራ ወደ እኔ ይመጣል» ብለሽ ከጠየቅሽ ግን መልስ አለው።

ለዚያ ደግሞ የልብሱን የራሱን ልኬት ማወቅ አለብን። ገጹ ላይ ወረድ ብለሽ ፈልጊ፤ ከሌለ ሻጩን ጠይቂ። የምፈልገው የደረት፣ የወገብና የትከሻ ስፋት ነው። ሌላም አለ፦ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ወገብሽን እንደገና ለኪውና ንገሪኝ።

ሰፊ ትከሻ

ይቅርታ፣ እኔም ተመሳሳይ ችግር አለብኝ። ወንድ ነኝ፤ ደረቴ 108፣ ወገቤ 86 ነው። ሙሉ ልብስ ስገዛ 54 ቁጥር ኮቱ ልክ ይሆናል፤ አብሮት የሚመጣው ሱሪ ግን ሌላ ሰው ጨምሮ ያስገባል። እኔም ወደ ታች ወርጄ 50 ልያዝ? ሱሪው ይሻል ነበር።

መርፌና ክር

ወንድሜ፣ የአንተ ከሶስና ጋር ተቃራኒ ነው፤ የእሷ ወገብ ከሰንጠረዡ ይበልጣል፣ የአንተ ያንሳል። ወደ 50 እንዳትወርድ። የአውሮፓ የኮት ቁጥር የደረት ዙሪያ ግማሽ ነው፤ 54 ማለት 108 ነው፣ 50 ማለት 100 ነው። 50 ብትለብስ ትከሻው ይይዝሃል፤ ኮት ላይ ደግሞ ትከሻን ማስተካከል ከሁሉም ከባዱ ሥራ ነው፤ እጅጌው ይፈታል፣ ውስጡ ያለው ሁሉ ይነሣል።

ኮቱን በደረትና በትከሻ ያዘው፤ ወገቡን ከጎንና ከጀርባ ስፌት ማጥበብ ቀላል ነው። ሱሪው ግን ሌላ ነገር ነው። በጥንድ የሚሸጠው ሱሪ ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው ወገቡ ከደረቱ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል እንደሚያንስ ታስቦ ነው፤ ለ54 ወደ 96 ይሆናል ማለት ነው። ከዚያ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ከጀርባው ስፌት ብትቀንስ ሁለቱ የኋላ ኪሶች ተጠጋግተው ሊነካኩ ይደርሳሉ፣ መቀመጫውም ይበላሻል። እስከ 4 ወይም 5 ሳንቲ ሜትር ድረስ ምንም አይታይበትም። ስለዚህ ኮትና ሱሪ ለየብቻ የሚሸጥበትን ፈልግ።

የማታ ኮከብ

መርፌና ክር፣ ለእሱ ትልቁን እንዲይዝ ነገርከው፤ እኔስ ለሶስና ያልኩት ይህንኑ አይደለም እንዴ?

መርፌና ክር

ለእሱ ትልቁ ቁጥር የትከሻው ቁጥር ነው፤ ስለዚህ ያዋጣል። ለሶስና ግን ትልቁ ቁጥር የወገቧ ነው። ወገቧን ብላ ኤክስ ላርጅ ከያዘች ወገቡ ብቻ ተለይቶ አይመጣላትም፤ ትከሻውም፣ የእጅጌው መግቢያም፣ አንገቱም አብረው ሰፍተው ይመጣሉ። «ትልቁን ያዝና አጥብብ» የሚለው ምክር እውነት የሚሆነው የሚጠበው ነገር ቀጥ ያለ የጎን ስፌት ሲሆን ነው።

ሶስና

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ገጹ ላይ ሌላ ሰንጠረዥ አገኘሁ፤ እንዳልከውም አንድ አንድ ቁጥር ብቻ ነው ያለው፣ ግማሽ ስለሆነም በሁለት አባዛሁት፤ ትከሻውን ግን እንዳለ ተውኩት።

ሚዲየም፦ ደረት 98፣ ወገብ 80፣ ትከሻ 38
ላርጅ፦ ደረት 104፣ ወገብ 86፣ ትከሻ 39
ኤክስ ላርጅ፦ ደረት 110፣ ወገብ 92፣ ትከሻ 40

ትከሻዬ ከጫፍ እስከ ጫፍ 37.5 ነው። ተቀምጬ ስለካ ወገቤ 87 ሆነ። ያልጠበቅሁት ነገር ነው፤ ቆሜ 84 የነበረው በ3 ጨመረ።

መርፌና ክር

ይህን ነበር የፈለግሁት። እንግዲህ በእርጋታ እንየው።

ልብስ ከሰውነት ጋር እኩል ከሆነ አይለበስም፤ መላወሻ ያስፈልገዋል። ለማይለጠጥ ጨርቅ፣ ሰውነት ይዞ ለሚሰፋ ቀሚስ፣ እኔ ደረት ላይ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር እተዋለሁ፤ መተንፈስና እጅን ወደ ፊት መዘርጋት ስላለ። ወገብ ላይ ከዚያ ያነሰ ይበቃል፤ ነገር ግን የምነሣው ቆሞ ከተለካው ሳይሆን ተቀምጦ ከተለካው ነው፤ ከእሱ ላይ 2 ሳንቲ ሜትር እጨምራለሁ። የአንቺ ተቀምጠሽ 87 ስለሆነ የምትፈልጊው ወገብ 89 ነው። ደረቱ ደግሞ ከ98 እስከ 101 ቢሆን ያምራል።

ሚዲየሙ ደረቱ 98 ነው፤ እጅግ ጥሩ። ወገቡ 80 ነው፤ ቆመሽ እንኳ በ4 ያንሳል። ዚፑ አይወጣም። እሱን ተዪው።

ላርጁ ደረቱ 104 ነው፤ ከሚያምረው በ3 ይሰፋል፣ ብብትሽ ሥር ትንሽ ልል ይላል እንጂ ነውር አይደለም። ወገቡ 86 ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚታለለው። ቆመሽ ስትሞክሪው 2 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ስላለው ዚፑ ይወጣል፣ መስታወት ፊትም ልክ ይመስላል። ስትቀመጪ ግን 87 ሰውነት 86 ልብስ ውስጥ ነው። የወገቡ ስፌት ይቆርጥሻል፤ ከቆየሽበት ደግሞ ጨርቁ ዚፑ ሥር መሳብ ይጀምራል፤ ከዚፑ ጥርስ ዳር ወደ ጎን የሚሄዱ ትንንሽ የተወጠሩ መስመሮች ታያለሽ። ያ መስመር ከታየ ልብሱ ጠቧል ማለት ነው።

ኤክስ ላርጁ ወገቡ 92 ነው፤ ሳይነካ ይለበሳል፣ ትንሽም ይተርፋል። ደረቱ ግን 110 ነው፤ ከአንቺ በ17 ይበልጣል። ትከሻው 40 ነው፤ በየጎኑ ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ ወደ ክንድሽ ይወርዳል።

ዮናስ፣ ላርጅ ያልከው እዚህ ላይ ገጥሟል፤ ግን የገጠመው መካከለኛ ስለሆነ አይደለም። ጨርቁ የሚለጠጥ ቢሆን መካከሉን መያዝ ጥሩ መንገድ ነበር፤ ሁለቱንም ጫፍ ጨርቁ ያስታርቀዋል። የማይለጠጥ ሲሆን ግን መካከለኛው ለሁለቱም የማይሆንበት ጊዜ አለ። ይኸኛው የተሳካው የቀረው ጉድለት 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ ነው።

የእኔ ምርጫ ላርጅ ነው፤ ወገቡ በ3 ሳንቲ ሜትር ይሰፋ። ከየት ይመጣል ለሚለው፣ ወገብ ላይ ከፊትና ከኋላ ጨርቁ ወደ ውስጥ ታጥፎ የተሰፋባቸው ሹል እጥፋቶች አሉ፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ። አራቱን በየጥቂቱ ብንፈታቸው፣ ከእያንዳንዱ አንድ ሳንቲ ሜትር እንኳ ሳይሞላ፣ 3 ሳንቲ ሜትር ይገኛል። የእጥፋቱ ጥሩነት ጨርቁ ብዙ ጊዜ ስላልተቆረጠ ውስጡ ሙሉ ሆኖ መቀመጡ ነው።

ሀና ብ.

እኔም እሰፋለሁ፤ በዚህ ከመርፌና ክር ጋር አልስማማም። ልብሱን ሳያዩት ማስፋትን ማመን አደገኛ ነው። በፋብሪካ የተሰፋ ልብስ ጎኑ ላይ የሚተወው ትርፍ ብዙ ጊዜ አንድ ሳንቲ ሜትር ነው፤ እሱም ጠርዙ በኦቨርሎክ ተላጭቶ ሁለቱ ንብርብር አንድ ላይ ተይዟል። ከዚያ ላይ ግማሽ ብትወስዱ የቀረው ግማሽ ሳንቲ ሜትር ወገብ ላይ፣ ሰው በሚቀመጥበትና በሚነሣበት ቦታ፣ ይተረተራል። እጥፋቶቹን መፍታትም ቢሆን የድሮው መርፌ የወጋው ቦታ እንደ ነጠብጣብ መስመር ሆኖ ፊት ላይ ይወጣል። ሳቲን ከሆነ ምንም ብታደርጉ አይጠፋም።

ሶስና፣ እኔ ብሆን ኤክስ ላርጁን እይዛለሁ። ወገቡ ምንም ሥራ አይፈልግም። ደረቱን ከጎን አጠባለሁ።

መርፌና ክር

ሀና፣ የመርፌ ቀዳዳው ነገር እውነት ነው፤ ሳቲን ከሆነ እኔም እጄን አላስገባም። ጥጥ ወይም ሻካራ ጨርቅ ከሆነ ግን በእንፋሎት ካውያ ተተኩሶ በጥፍር ሲታሽ ቀዳዳው ይዘጋል።

ኤክስ ላርጁን ግን አስቢው። ደረቱን ከ110 ወደ 101 ለማምጣት 9 ሳንቲ ሜትር ይቆረጣል፤ በየጎኑ አራት ተኩል። ያን ያህል ከብብት ሥር ስትወስጂ የእጅጌው መግቢያ ይጠባል፤ እጅጌውን ፈትተሽ፣ አጥብበሽ፣ እንደገና ታስገቢያለሽ። ገበሩም እንዲሁ። ትከሻው ግን አሁንም 40 ነው። ይህ ማስተካከል ሳይሆን ቀሚሱን እንደ አዲስ መስፋት ነው።

ሀና ብ.

እጅጌ እንዳለው አይቻለሁ፤ ለዚያ መልስ የለኝም። እጅጌ የሌለው ቢሆን ኖሮ አሁንም በኤክስ ላርጅ እጸና ነበር፤ ትከሻውን ከላይ ከአንገት እስከ ክንድ ባለው ስፌት ማንሳት ይቻላልና። በእጅጌው ግን ከባድ ነው። ቢሆንም ላርጁን ከማዘዟ በፊት የውስጡ ፎቶ ይምጣ።

ትዕግስት

ሶስና፣ ሻጩን ስትጠይቂ በደፈናው «የውስጡን ፎቶ» አትበይ፤ የብራንዱን ምልክት ፎቶ ይልኩልሻል። ወገቡ ላይ የጎን ስፌቱን ገልብጠው፣ ሜትር አጠገቡ አድርገው እንዲያነሱ ንገሪያቸው።

ሶስና

ትዕግስት እንዳለችው ጠየቅሁ፤ ፎቶው መጣ። ገበሩ ታችኛው ጫፍ ላይ ያልተያያዘ ስለሆነ ገልብጠው ማሳየት ችለዋል። የጎን ስፌቱ ሁለቱ ንብርብር ለየብቻ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተከፍቶ ተተኩሷል፤ እያንዳንዱ ሜትሩ ላይ አንድ ተኩል ሳንቲ ሜትር ያህል ይነበባል። እጥፋቶቹ አራት ናቸው፣ አልተቆረጡም። ጨርቁ ፈዘዝ ያለ ጥጥ ነው፣ የሚያብረቀርቅ አይደለም።

አንድ ነገር ግን አሳሰበኝ። የላይኛው ክፍል ወገቡ 89 ከሆነ የታችኛው ቀሚስ አሁንም 86 ነው፤ እንዴት ይገጣጠማሉ? የታችኛው ወገቡ ላይ የተሸበሸበ አይደለም፤ ልሙጥ ነው፣ ክብ ሆኖ የተቆረጠ ይመስላል።

መርፌና ክር

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ልብስ ሰፊ እዚህ ጋር ሲደርስ ነው «አይሰፋም» የሚለው። የተሸበሸበ ቢሆን ኖሮ ሽብሽቡን ላላ ማድረግ ይበቃ ነበር። ክብ ሆኖ የተቆረጠ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ቀላል ነው። የወገቡ ቀዳዳ ክብ ስለሆነ፣ ስፌቱን ትንሽ ወደ ታች ዝቅ ባደረግሽው ቁጥር ክቡ ይሰፋል። ሙሉ ክብ ከሆነ ስፌቱ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ሲል ዙሪያው 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጨምራል። ግማሽ ክብ ከሆነ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። ቀሚሱ በዚያው ልክ ያጥራል፤ ማንም አያየውም።

የጎን ስፌቱ አንድ ተኩል መሆኑ ደግሞ ተጨማሪ ዕድል ነው። እጥፋቶቹን በሙሉ ከመንካት ይልቅ ሁለቱን የኋላውን ብቻ ፈትቶ የቀረውን ከጎን ማምጣት ይቻላል። ደረቱ ጋር ግን የጎን ስፌቱ እንዳለ ይቆይ፤ ከብብት ጀምሮ እየተንሸራተተ ወገብ ላይ ሲደርስ ብቻ ይስፋ። ገበሩንም አብረው መፍታት አለባቸው፤ ፊቱን አስፍተው ገበሩን እንደነበረ ከተዉት የሚይዝሽ ገበሩ ይሆናል።

ሀና ብ.

በዚህ ፎቶ እኔም ላርጅ እላለሁ። አንድ የቀረኝ ነገር አለ። የወገቡ ስፌት ሰውነቷ ላይ በእርግጥ ወገቧ ላይ ነው የሚያርፈው? ሰንጠረዡ ላይ 86 የተባለው ስፌቱ ባለበት ቦታ የተለካ ነው። ስፌቱ ከፍ ብሎ የጎድን አጥንቷ ሥር ካረፈ 84 የሚለው ልኬቷ ለዚያ ቦታ አይሠራም፤ እዚያ ያለው ሌላ ቁጥር ነው። ሶስና፣ ከማጅራትሽ አጥንት እስከ አሰርሽው ክር ድረስ ስንት ነው?

ሶስና

39 ነው። የቀሚሱ የጀርባ ቁመት እስከ ወገብ ስፌቱ ድረስ ግን ገጹ ላይ አልተጻፈም። ከክሩ 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብዬ ስለካ 81 ነው፤ ተቀምጬም 83 ብቻ ነው።

ሀና ብ.

አየሽ፣ ስፌቱ እዚያ የሚያርፍ ከሆነ ላርጁ ምንም ሳይፈታ ይበቃሽ ይሆናል፤ 83 ሰውነት 86 ልብስ ውስጥ ነው።

መርፌና ክር

ይበቃል፤ ግን ከስፌቱ በታች ያለው ሥጋ ወዴት እንደሚሄድ ሳላይ አልፈርምበትም። ክብ ሆኖ የተቆረጠ ቀሚስ ቶሎ ስለሚሰፋ ያሳልፈው ይሆናል፤ ግማሽ ክብ ከሆነ ግን ከስፌቱ ሥር ጎልቶ ይታያል። የጀርባውን ቁመት ጠይቂ፤ 38 ወይም 39 ካሉሽ የማስፋቱ ሥራ አይቀርም።

ሶስና

ጠይቄያለሁ። ቁጥሩን ሲልኩልኝ እዚሁ እጽፈዋለሁ።